በየቀኑ የተረጋገጠ ትርፍ እንሰጣለን ሲሉ፦ ካዝናቸው በስንት ቀን ባዶ እንደሚሆን አስልቶ የማወቂያ መመሪያ

«በቀን 2 ከመቶ ትርፍ፣ ያለ ምንም ኪሳራ።» እንዲህ የሚል ድርጅት ሲመጣ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «በእውነት ይከፍላሉ?» ብሎ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ «አዎ፣ ይከፍላሉ» የሚል ነው። የሥራ ባልደረባ ተከፍሎታል፣ ዘመድ ተከፍሎታል፣ ደረሰኙንም ያሳያሉ። ሰውን የሚያስገባው ይኸው እውነተኛ መልስ ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነው፤ የሚከፈለው ገንዘብ የሚመጣው ከየት ነው? ለስንት ቀንስ ይበቃል?

ይህን ለማወቅ የፋይናንስ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ይበቃል። ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መውደቂያው ቀን ድረስ እሠራዋለሁ። አንባቢም የቀረበለትን ኮሚሽንና ተመን እየተካ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ስሌቱን በብር እሠራለሁ፤ በዶላርም ሆነ በክሪፕቶ ገንዘብ ቢተካ ውጤቱ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ቃሉን ወደ ቁጥር ይመልሱ

ማስታወቂያው ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ወርቅ ንግድ ወይም ስለ ውጭ ምንዛሪ ብዙ ሊያወራ ይችላል። ያንን ሁሉ ለጊዜው ይተዉትና አራት ቁጥሮች ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ። አንደኛው በቀን የሚከፈለው ትርፍ ስንት ከመቶ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ዝቅተኛው መግቢያ ገንዘብ፣ ሦስተኛው ሌላ ሰው ላስገባ የሚሰጠው ኮሚሽን፣ አራተኛው ደግሞ ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት ጊዜ ነው። አራተኛው ላይ ብዙዎቹ ይደናገራሉ። አንዳንዶቹ ውሎች ዋናው ገንዘብ እንደማይመለስና «በትርፉ ውስጥ እንደተካተተ» በደቃቁ ጽፈውታል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 50 የ2 ከመቶ ክፍያዎች ትርፍ አይደሉም፤ የራስዎ ገንዘብ ተቆራርጦ ሲመለስልዎት ነው።

ቀጥሎ፦ የቀኑን ትርፍ ወደ ዓመት ይቀይሩ

በቀን 1 ከመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ትንሽ የሚያስመስለው በቀን መነገሩ ነው። ትርፉ በየቀኑ ዋናው ላይ እየተጨመረ ከሄደ በዓመት ምን እንደሚሆን ለማወቅ በኮምፒውተር የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=1000*1.01^365
```

የሚመጣው 37,783 ብር ገደማ ነው። 1.01 በሚለው ቦታ 1.02 ሲያስገቡ 1,000 ብር በዓመት 1 ሚሊዮን 377 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል።

አሁን ይህንን በእውነት ከተገኘ ትርፍ ጋር ያስተያዩት። የአሜሪካዊው ባለሀብት የዋረን በፌት ኩባንያ በርክሻየር ሐታዌይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማካይ በዓመት ወደ 20 ከመቶ የሚጠጋ ዕድገት አስመዝግቧል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ያህል ማስመዝገብ የቻለ ባለሀብት እጅግ ጥቂት ነው። 20 ከመቶ በዓመት ማለት በቀን 0.05 ከመቶ ማለት ነው። እሱም ቢሆን የተረጋገጠ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ የኩባንያው የአክሲዮን ዋጋ ከ30 ከመቶ በላይ ወርዷል። በቀን 2 ከመቶ የሚል ሰው በየቀኑ የዚህን አርባ እጥፍ፣ ያውም አንድም ቀን ሳይከስር አገኛለሁ እያለ ነው።

ስሌቱን በዓመታት ብንዘረጋው ደግሞ የበለጠ ይገለጣል። 10,000 ዶላር በቀን 1 ከመቶ እያደገ ቢሄድ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 770 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። በሰባተኛው ዓመት ከ1,000 ትሪሊዮን ዶላር ያልፋል። የዓለም አገሮች ሁሉ በአንድ ዓመት የሚያመርቱት ተደምሮ ከ100 ትሪሊዮን ዶላር እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ያስቀመጠው 10,000 ዶላር በሰባት ዓመት ውስጥ የመላውን ዓለም ዓመታዊ ምርት አሥር እጥፍ ያህል ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ ውል ለዘለቄታው ሊፈጸም እንደማይችል ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የሚቀረው ጥያቄ መቼና በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

ዋናው ሥራ፦ የካዝናውን ሒሳብ መያዝ

ከጀርባው ምንም ሥራ የሌለው ድርጅት አንድ ካዝና ብቻ አለው። አዲስ ገቢ ሰዎች ያስገቡት ገንዘብ እዚያ ይገባል፣ ለቀደሙት የሚከፈለውም ከዚያው ይወጣል። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር በዓለም ዙሪያ የፖንዚ ስኪም ተብሎ ይታወቃል።

ምሳሌያችን ይህ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው 1,000 ብር ያስገባል። ከማግስቱ ጀምሮ በየቀኑ 20 ብር ይከፈለዋል። በየቀኑ 100 አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ። ከሚገባው ገንዘብ 10 ከመቶ ሰው ላስገባው ኮሚሽን ይሰጣል፤ ሌላ 10 ከመቶ ደግሞ አዘጋጆቹ ለራሳቸው ይወስዳሉ። እውነተኛዎቹ አዘጋጆች ከዚህ የበለጠ ይወስዳሉ፣ እኔ ግን ሆን ብዬ ለእነሱ የሚያደላ ቁጥር ይዣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን 100,000 ብር ይገባል። 20,000 ብር ለኮሚሽንና ለአዘጋጆች ይወጣል። በካዝናው የሚቀረው 80,000 ብር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስተውሉ። ሰዎቹ ያስገቡት 100,000፣ ያለው 80,000 ነው። ድርጅቱ ገና አንድ ብር ትርፍ ሳይከፍል፣ በተቋቋመበት ቀን ማታ ዕዳውን መክፈል የማይችል ሆኗል። በኋላ የሚመጣው ውድቀት እንደ ድንገተኛ አደጋ ይወራል እንጂ ጉድለቱ የተጀመረው ያን ማታ ነው።

በሁለተኛው ቀን እንደገና የተጣራ 80,000 ይገባል፤ ለመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች 2,000 ብር ይከፈላል። በሦስተኛው ቀን ለ200 ሰዎች 4,000፣ በአራተኛው ለ300 ሰዎች 6,000 ይወጣል። የሚገባው በየቀኑ ያው 80,000 ነው፤ የሚወጣው ግን በየቀኑ 2,000 ይጨምራል። በ41ኛው ቀን ለ4,000 ሰዎች 80,000 ብር ይከፈላል። የገባውና የወጣው በዚያን ቀን ተስተካከሉ። በካዝናው ያለው 1,640,000 ብር ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ ኖሮት አያውቅም፣ ወደፊትም አይኖረውም። ከ42ኛው ቀን ጀምሮ የሚወጣው ከሚገባው ይበልጣልና ካዝናው ይጎድላል። በ81ኛው ቀን የዕለቱ ክፍያ ተከፍሎ ሲያበቃ በውስጡ የሚቀረው ዜሮ ነው። በ82ኛው ቀን 162,000 ብር መከፈል አለበት፤ ያለው በዚያ ቀን የገባው 80,000 ብቻ ነው።

ይህን በራስዎ ማየት ከፈለጉ በሠንጠረዥ ፕሮግራም እንዲህ ይጻፉት። ዓምድ A ቀኑ፣ B የገባው ገንዘብ፣ C ኮሚሽንና የአዘጋጆች ድርሻ፣ D ለአባላት የሚከፈለው፣ E በካዝናው የሚቀረው ነው።

```
A2: 1
B2: 100000
C2: =B2*0.20
D2: 0
E2: =B2-C2-D2

A3: =A2+1
B3: 100000
C3: =B3*0.20
D3: =SUM(B$2:B2)*0.02
E3: =E2+B3-C3-D3
```

ሦስተኛውን ረድፍ ወደ ታች እስከ 100ኛው ድረስ ይጎትቱት። ዓምድ E ሲያድግ፣ ጥቂት ሲቆም፣ ከዚያም ሲወርድና ከዜሮ በታች ሲሆን ያያሉ። 0.02 የሚለውን በቀረበልዎት ተመን፣ 0.20 የሚለውን በኮሚሽኑና በአዘጋጆቹ ድርሻ ድምር ይተኩት።

ሠንጠረዥ ለሌለው ሰው አቋራጭ አለ። በየቀኑ የሚገባው ሰው ቁጥር እኩል ከሆነ፣ ካዝናው ባዶ የሚሆንበት ቀን የሚገኘው ለክፍያ የሚቀረውን ድርሻ (እዚህ 0.80) በሁለት አባዝቶ በቀኑ ተመን (0.02) በማካፈልና አንድ በመጨመር ነው። 1.60 ለ0.02 ሲካፈል 80፣ አንድ ሲጨመር 81 ይሆናል። በቀን 1 ከመቶ ለሚከፍል 161 ቀን፣ በቀን 5 ከመቶ ለሚከፍል 33 ቀን ይመጣል። የሚገባው ሰው 100 ይሁን 100,000 በቀኑ ላይ ለውጥ የለውም፣ ሁለቱም ወገን አብሮ ያድጋልና። «እነዚህ ትልቅ ናቸው፣ አባሎቻቸው ብዙ ናቸው» የሚለው ማጽናኛ ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው።

ማን አተረፈ? ማንስ ከፈለ?

እስከ 81ኛው ቀን ድረስ 8,100 ሰዎች 8,100,000 ብር አስገብተዋል። 1,000 ብሩን ለማስመለስ 50 ክፍያ መቀበል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እስከ 31ኛው ቀን የገቡት ብቻ ገንዘባቸውን አግኝተዋል። በ31ኛው ቀን የገቡት 100 ሰዎች ያስገቡትን ብቻ አገኙ። ከእነሱ የቀደሙት 3,000 ሰዎች አተረፉ። ከ32ኛው ቀን ጀምሮ የገቡት 5,000 ሰዎች ከሰሩ፤ የመጨረሻዎቹ 100 ሰዎች አንድ ብርም አልተመለሰላቸውም።

የከሰሩት ያጡት ተደምሮ 2,550,000 ብር ነው። ያተረፉት 3,000 ሰዎች ያገኙት ትርፍ ሁሉ ግን 930,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 1,620,000 ብር የት ሄደ? ለኮሚሽንና ለአዘጋጆች የተቆረጠው ልክ ይኸው ነው። አንዲት ብር የሚያተርፍ ሥራ አልተሠራም፤ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተሻገረ። «ቶሎ ገብቼ ቶሎ እወጣለሁ» የሚሉ ሰዎችን እዚህ ላይ በጥብቅ ላስጠነቅቅ እወዳለሁ፦ ከመጀመሪያዎቹ 100 መካከል የሆነ ሰው እንኳ በ81 ቀን ያተረፈው 600 ብር ነው፤ ያም የመጣው የማያውቀው ሰው ካጣው ገንዘብ ላይ ነው።

ይህም ቢሆን አዘጋጆቹ ካዝናው እስኪራቆት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ ብለን አስበን ነው። ለምን ይጠብቃሉ? ካዝናው ጢም ያለው በ41ኛው ቀን ነው። ያን ማታ ገንዘቡን ይዘው ቢሰወሩ 1,640,000 ብር ያገኛሉ፤ አንድ ቀን በዘገዩ ቁጥር ያነሰ ነው የሚጠብቃቸው። በ41ኛው ቀን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ሰው እንኳ የተቀበለው 40 ጊዜ 20፣ ማለትም 800 ብር ነው። አስገብቶ የነበረው 1,000 ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ከጠፉ ከገቡት 4,100 ሰዎች መካከል በዕለታዊ ክፍያው ገንዘቡን ያስመለሰ አንድም ሰው የለም።

ይህ የሆነው እኔ በመረጥኩት ቁጥር አጋጣሚ አይደለም። የሚገባው ሰው በየቀኑ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ካዝናው የሚሞላበት ቀን ምንጊዜም የመጀመሪያው ሰው ገንዘቡን ከሚያስመልስበት ቀን ይቀድማል። እስከዚያ ቀን ድረስ ክፍያ አንድ ደቂቃ አይዘገይም፤ ቅሬታ የለም፣ ደረሰኝ በየቦታው ይለጠፋል። «በሰዓቱ እየከፈሉኝ ነው» የሚለው ምስክርነት የሰው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን በ20ኛውም ቀን፣ በ40ኛውም ቀን፣ ሊጠፉ አንድ ሌሊት ሲቀራቸውም እኩል እውነት ስለሆነ የሚያስረዳው ነገር የለም።

«አባሎቻችን በየቀኑ እየጨመሩ ነው» ሲሉ

ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ካዝናው ይበቃል? ለጊዜው አዎ። በሠንጠረዡ B3 ላይ 100000 የሚለውን አጥፍተው `=B2*1.025` ብለው ይጻፉና ወደ ታች ይጎትቱት። አዲስ ገቢው በየቀኑ በ2.5 ከመቶ ሲያድግ ካዝናው አይጎድልም፤ በየቀኑ 80,000 ብር ይተርፈዋል። 2.5 የመጣው የቀኑን ተመን 2 ከመቶ ለክፍያ ለሚቀረው 0.80 በማካፈል ነው። ድርጅቱ ሳይወድቅ እንዲኖር አዲስ ገቢው ቢያንስ በዚህ ፍጥነት፣ ያለማቋረጥ ማደግ አለበት።

2.5 ከመቶ በቀን ማለት በየ28 ቀኑ እጥፍ መሆን ነው። በ100 ሰው የተጀመረው በዓመቱ በቀን 820,000 ሰው ገደማ ማስገባት ይኖርበታል፤ እስከዚያ የገቡት ደግሞ 33 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ በየ28 ቀኑ እጥፍ እየሆነ ስምንት ጊዜ ሲታጠፍ ከ8 ቢሊዮን ያልፋል። ያ በድምሩ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ተኩል ገደማ ነው፤ በምድር ላይ የቀረ ሰው አይኖርም። በእርግጥ ነገሩ እዚያ ሳይደርስ፣ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ገንዘብ ያለውና የሚያምነው ሰው ሲያልቅ ዕድገቱ ይቆማል።

ሲቆም ምን አለ? በዓመቱ መጨረሻ ያን ሁሉ ሰው የያዘው ካዝና ያጠራቀመው 29 ሚሊዮን ብር ነው። በየቀኑ የሚከፍለው ግን 656 ሚሊዮን ብር ነው። አዲስ ገቢ ፈጽሞ ቢቋረጥ ካዝናው የአንድ ሰዓት ክፍያ ያህል ብቻ ይዟል። ፈጣን ዕድገት ውድቀቱን ያዘገያል፤ የሚጎዳውን ሰው ግን ከሺዎች ወደ ሚሊዮኖች ያሳድጋል። በአልባኒያ የተደረሰበት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዚያች አገር እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሲወድቁ ዕዳቸው ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ግማሽ ጋር ይቀራረብ ነበር። አገሪቱ ወደ ትጥቅ ሁከት ገብታ ብዙ ሰው አልቋል።

በስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር

ብዙ ሰዎች ትርፋቸውን አያወጡም፤ «ይደራረብ» ብለው ይተዉታል። አዘጋጆቹም ይህን አጥብቀው ይመክራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያልወጣ ትርፍ ለእነሱ ወጪ አይደለም፣ መተግበሪያው ላይ የሚጻፍ ቁጥር ብቻ ነው።

በዚያው ምሳሌ ማንም ምንም ሳያወጣ 81 ቀን ቢቆይ በካዝናው 6,480,000 ብር ይኖራል። በአባላቱ ስልኮች ላይ የሚታየው ድምር ግን 19.9 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ከሰዎቹ አንድ ሦስተኛው ያህል በአንድ ሳምንት «ገንዘቤን» ቢሉ ካዝናው ይራቆታል፤ የሌሎቹ ሁለት ሦስተኛዎች ቁጥር ባዶ ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካ የፖንዚ ስኪም ያካሄደው በርናርድ ማዶፍ ለአሥርት ዓመታት የቆየው በዚህ መንገድ ነው። የሚሰጠው ትርፍ በወር 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለነበረና ደንበኞቹ ገንዘባቸውን እዚያው ስለሚተዉ ካዝናው ቶሎ አልጎደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ፣ በፋይናንስ ቀውሱ ምክንያት ደንበኞቹ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። በመግለጫ ወረቀቶቻቸው ላይ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ይታይ ነበር። ከዚያ ውስጥ 7 ቢሊዮኑን መክፈል አልተቻለም።

«እኛ ግን እውነተኛ ሥራ አለን» ሲሉ

ይህን የሚሉትን ስለ ሥራው ዓይነት አይከራከሩ፤ ብዛቱን ይቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1920 በቦስተን ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 ከመቶ ትርፍ ሲሰጥ ምንጩ ዓለም አቀፍ የፖስታ መልስ ኩፖን ነው ይል ነበር። ኩፖኑን በአንድ አገር በርካሽ ገዝቶ በሌላ አገር በውድ በቴምብር መለወጥ በሐሳብ ደረጃ ይቻል ነበር። ሰውን ያሳመነውም ይህ ነው። ክላረንስ ባሮን የተባለ የፋይናንስ ጋዜጠኛ ግን ሌላ ጥያቄ አነሣ፦ ሰዎች ያስገቡትን ገንዘብ ለመሸፈን ስንት ኩፖን ያስፈልጋል? 160 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። በዓለም ላይ በእርግጥ ይዘዋወር የነበረው 27,000 ገደማ ነበር።

ለዛሬዎቹም ይኸው ይሠራል። በ33 ሚሊዮን አባላት ላይ 656 ሚሊዮን ብር በየቀኑ የሚያስገኝ የማስታወቂያ መመልከት ሥራ፣ የክሪፕቶ ማዕድን ማውጫ ወይም የምንዛሪ ንግድ ከሆነ፣ ለማስታወቂያው የከፈለው ድርጅት ማነው? ማሽኖቹ ስንት ናቸው፣ የኤሌክትሪክ ሒሳባቸውስ? የተመረመረ ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫስ የት አለ? መልስ ከሌለ ሥራው የለም።

ሌላም ጥያቄ ይጨምሩ። በቀን 2 ከመቶ በእርግጥ ማግኘት የሚችል ሰው 100,000 ብር ከራሱ ቢያስቀምጥ በዓመቱ ከ137 ሚሊዮን ብር በላይ ይኖረዋል። የእርስዎን 1,000 ብር ለመሰብሰብ ኮሚሽን እየከፈለ ለምን ይደክማል?

ካዝናው መጉደል ሲጀምር የሚታይ ምልክት

ካዝናውን ከውጭ ማየት አይቻልም፤ መውደቂያውንም በቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም። በመመሪያዎቻቸው ላይ የሚደረገው ለውጥ ግን ይናገራል። እንዲህ ያለ መልእክት መጣ እንበል፦

«ውድ አባሎቻችን፣ በሥርዓት ማሻሻያ ምክንያት ከነገ ጀምሮ ገንዘብ ማውጣት የሚቻለው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት 5,000 ብርና ከዚያ በላይ ለሚያስገቡ 20 ከመቶ ጉርሻ ይሰጣል።»

ሠንጠረዡን በአእምሮዎ ይዘው ያንብቡት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዓምድ Dን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ዓምድ Bን ያሳድጋል። የሚያወጣውን የሚያጠብ፣ የሚያስገባውን የሚያሰፋ ለውጥ በአንድ መልእክት ሲመጣ ካዝናው ከ41ኛው ቀን አልፏል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ማሻሻያ የሚደረግለት ኮምፒውተር ከሆነ ገንዘብ መቀበሉስ ለምን አልቆመም? የማውጫው ዝቅተኛ መጠን ከፍ ሲል፣ ለማውጣት ሁለት ሰው ማስገባት ግዴታ ሲሆን፣ ክፍያው ድርጅቱ ራሱ በፈጠረው ሳንቲም ሲተካ ነገሩ ያው ነው።

ገንዘብዎ አሁን ውስጥ ከሆነ

ዛሬውኑ የሚወጣውን ሁሉ ለማውጣት ይጠይቁ። ጥቂት አውጥቶ «ሠራ» ብሎ መርካት አይበቃም፤ ትንሽ መክፈል ትልቅ ለማስገባት የሚደረግ ማባበያ ነውና። ገንዘቡን ለመልቀቅ «ግብር» ወይም «የማረጋገጫ ክፍያ» አስቀድመው እንዲልኩ ከተጠየቁ አይላኩ። ክፍያው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ካለዎት ሒሳብ ላይ ይቀነስ ነበር፤ አዲስ ገንዘብ መጠየቁ ሒሳቡ ላይ የሚቀነስ ነገር እንደሌለ ያሳያል።

በባንክ የላኩት ከሆነ በዚያው ቀን ለባንኩ ያሳውቁ፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ ሊታገድ የሚችልበት ዕድል አለ። በክሪፕቶ የተላከ ግን ላኪው ሊመልሰው አይችልም። መተግበሪያው ከመዘጋቱ በፊት የደረሰኞችን፣ የሒሳብ ቁጥሮችንና የመልእክቶችን ፎቶ ያስቀሩና ለፖሊስ ያመልክቱ። ሌላ ሰው ማስገባትም ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ያቁሙ፤ ኮሚሽን የተቀበለ ሰው በብዙ አገሮች በሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ከውድቀቱ በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ» እያሉ የሚደውሉም ይመጣሉ። የተጎጂዎችን ስልክ ቁጥር የያዙት ያው አታላዮች ወይም ዝርዝሩን ከእነሱ የገዙ ናቸው።

ዘመድዎ ውስጥ ከሆነና ሊሰማ ካልፈለገ ክርክሩን ይተዉና ሁለት ዓምድ ብቻ አብረውት ይሙሉ፦ እስከ ዛሬ ከኪሱ የወጣው በአንዱ፣ በእጁ ወይም በባንክ ሒሳቡ የገባው በሌላው። በስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከሁለቱም አይገባም። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም የሚጠቅመው ይኸው ወረቀት ነው። በማዶፍ ጉዳይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ የለኩት ካስገባው ላይ ያወጣውን በመቀነስ እንጂ በመግለጫው ላይ በተጻፈለት መጠን አልነበረም። ካስገቡት በላይ ያወጡትም ትርፍ ያሉትን እንዲመልሱ ተጠይቀዋል።